ለአጭር ግጥም ስድስት ዓይነት ጥያቄ፦ ክፍሉን የሚያከራክረው የቱ ነው?

ሁለት ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጽፎ "እሺ፣ ምን ገባችሁ?" ብሎ የጠየቀ መምህር ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ልጆች እጅ ያወጣሉ። አንዷ ትመልሳለች። መምህሩ "ጎበዝ!" ይላል። የቀረው ክፍል መልሷን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ግጥሙ በዚሁ አለቀ።

ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው በጥያቄው ምክንያት ነው። ጥያቄ ስንመርጥ ደግሞ አማራጩ ብዙ ነው፤ የቱ ለየትኛው ክፍል እንደሚሆን የሚነግረን ግን የለም። ስለዚህ ስድስት የተለመዱ የጥያቄ ዓይነቶችን በአንድ ግጥም ላይ እንፈትናቸው። ግጥሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሞት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሕዝብ ግጥም ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን የመረጥኩት ቀላል ስለሚመስል ነው። ተማሪው ሁሉ "ቴዎድሮስን ማወደስ ነው" ብሎ ሊዘጋው ይቸኩላል። ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ለክርክር ክፍት ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አንደኛው መለኪያ ከሁሉም ይበልጣል። የሁለት መልስ ፈተና እለዋለሁ። መምህሩ ክፍል ከመግባቱ በፊት ጥያቄውን ወረቀት ላይ ይጽፍና ሁለት የሚለያዩ መልሶች ራሱ ይሞክራል። ሁለቱም መልሶች ግጥሙ ውስጥ ባለ አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን መቀሰር አለባቸው። ሁለተኛውን መልስ ከልቡ መጻፍ ካልቻለ፣ ጥያቄው ለፈተና ይሆን እንደሆነ እንጂ ለውይይት አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ጥያቄው ተማሪውን ወደ ስንኙ ይመልሰዋል ወይ? ግጥሙን ሳያይ ሊመልሰው ከቻለ ውይይቱ ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። ሦስተኛው፣ የመቅደላን ታሪክ በቅጡ የማያውቅ ልጅ ይገባበታል ወይ? አራተኛው ጊዜና ብዛት ነው። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍልና አርባ ደቂቃ ለያዘ መምህር የሚሆነው ጥያቄ፣ አሥራ ሁለት ሰው ለሚሰበሰብበት የንባብ ክበብ ከሚሆነው ይለያል።

"ገጣሚው ምን ማለቱ ነው?"

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ችግሩ ተማሪው ጥያቄውን እንዲህ ብሎ መስማቱ ነው፦ "መምህሩ ምን እንድል ይፈልጋል?" አንድ መልስ አለ፣ እሱም መምህሩ ጋ ነው ብሎ ያስባል። ጎበዞቹ ይገምታሉ፣ የቀሩት ይጠብቃሉ።

በዚህ ግጥም ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ገጣሚው አይታወቅም። አስለቃሽ ትሁን፣ አዝማሪ ይሁን፣ ወታደር ይሁን የሚነግረን የለም። በሌለ ሰው ሐሳብ ላይ መከራከር አየር ላይ መቅረት ነው። የሁለት መልስ ፈተናን አያልፍም። ክለሳ ላይ ተማሪው ጠቅለል ያለ ሐሳቡ እንደገባው ለማየት ግን ይጠቅማል።

"ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?"

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የእኛው ጥያቄ ነውና። ከቅኔ ቤት የወረስነው፣ ተማሪውም የሚወደው ነው። ቃል ላይ አተኩሮ ማንበብን ያስተምራል። ስለዚህ ሁለተኛውን መለኪያ በደንብ ያልፋል።

የሚከብደው አንደኛው ላይ ነው። ሰምና ወርቅ እንደ እንቆቅልሽ የተሠራ ነው። ኅብረ ቃሉ ሲገኝ ቋጠሮው ይፈታል። "እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣ መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ" የሚለውን ብናነብ፣ ከስቅለቱ ታሪክ ሥር የአፍቃሪው ልብ በከንፈሯ ምክንያት መንጠልጠሉን ያገኘ ልጅ አገኘ። ከእሱ ጋር የሚከራከርበት ነገር ብዙም የለም። ሁለት ትርጉም አለ፤ ሁለቱ ግን ተስማምተው ነው የሚኖሩት፣ አይጣሉም።

የመቅደላው ግጥም እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል የለውም። ተማሪው "ወርቁን" ፍለጋ ከሄደ የሌለ ነገር ፈጥሮ ይመለሳል። "አፋፍ ማለት የሥልጣን ጫፍ ነው፣ ጩኸት ማለት ሥልጣኔ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ ጥያቄው ከግጥሙ ጋር እንዳልገጠመ እወቁ።

ጥያቄውን የሚያድን መንገድ አለ። ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም ላይ ፍቺው ከተገኘ በኋላ "ተናጋሪው ሰሙን ብቻ እንዲሰማለት የፈለገው ማን ነው? ወርቁንስ ማን እንዲሰማው ነው?" ብሎ መቀጠል ነው። ክርክሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

"ምን ተሰማችሁ?"

ዝም ያለ ክፍል አፍ እንዲከፍት ያደርጋል። ሁሉም ስለሚመልሰው ፍርሃት ይቀንሳል። "አዘንኩ"፣ "ኮራሁ" የሚሉ መልሶች ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቀራሉ እንጂ አይጋጩም። አምስት ደቂቃ ሰጥቶ "እንዲህ ያሰኘሽ የትኛው ቃል ነው?" ብሎ ወደሚቀጥለው መሸጋገር ነው።

ግጥሙ የተወውን ክፍተት የሚጠይቅ ጥያቄ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አጭር ግጥም ብዙ ነገር ይተዋል። የተተወው ቦታ ላይ ተማሪው የግድ አንድ ነገር ማስገባት አለበት፤ የሚያስገባው ነገር ከጎረቤቱ ሲለይ ክርክር ይነሳል።

ሁለተኛውን ስንኝ እንየው። "የሴቱን አናውቅም" ይላል። የሴቱን ምኑን? ስሙ ቀርቷል። ጥያቄው እንግዲህ ይህችው ናት፦ "'የሴቱን' ካለ በኋላ የጎደለው ቃል ምንድን ነው?"

አንድ ልጅ "ሞቱን" ይላል። ምክንያቱም ስንኙ የሚያበቃው "ሞተ" በሚለው ነው። ስለዚህ ግጥሙ "ከሴቶች ማን እንደሞተ አልሰማንም፣ ከወንድ ግን አንድ ሞቷል" ይላል። ሌላዋ "ጩኸቱን" ትላለች። ከፊቱ ያለው ስንኝ የሚያወራው ስለ ጩኸት ነውና። በእሷ ንባብ አፋፉ ላይ የሚጮኹት ሴቶቹ ናቸው፤ ተናጋሪው ለምን እንደሚጮኹ አላወቀም ወይም ማወቅ አልፈለገም። ሦስተኛው "ጀግንነቱን" ይላል። "ወንድ" በአማርኛ ጾታም ነው፣ ጀግናም ነው። ጀግና ከተባለ፣ ግጥሙ "ከሴቱ ጀግና ይኑር አይኑር አናውቅም፣ ከወንዱ ግን አንድ ብቻ ነበር" እያለ ነው። ይህ ደግሞ ለቴዎድሮስ ውዳሴ ሆኖ ጥለውት ለሄዱት ወንዶች ስድብ ይሆናል።

ሦስቱም ቃል ይዘው ነው የሚከራከሩት። ሦስቱ አብረው መቆም አይችሉም፤ አንዱን የያዘ የሌላውን መመለስ አለበት። "ጩኸቱን" ያለችው ልጅ "ታዲያ 'አናውቅም' ለምን አለ? ሴቶቹ ሲጮኹ እየተሰማ?" ተብላ ትጠየቃለች። እዚህ ላይ ነው ክፍሉ የሚሞቀው።

የዚህ ዓይነት ጥያቄ ዋጋው ዝግጅት ነው። መምህሩ ክፍተቱን ራሱ ማግኘት አለበት። የሚገኘውም ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ የተተወ ስም ወይም ባለቤት፣ በሁለት ስንኞች መካከል ያልተነገረ ምክንያት፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል። በዚህ ግጥም ሦስቱም አሉ።

"ማን ነው የሚናገረው?"

ይህም ጠንካራ ነው፣ ዝግጅቱም ቀለል ይላል። ታሪክ የማያውቅ ልጅም ይገባበታል። "አናውቅም" የሚለው እነማን ናቸው? አፋፉ ሥር ሆነው ጩኸቱን ከሩቅ የሰሙ ገበሬዎች? ከጦርነቱ የተረፉ ወታደሮች? ወሬውን ሌላ አገር ሆኖ የሰማ አዝማሪ? ከሩቅ የሰማ ሰው ከሆነ "አናውቅም" ቀጥተኛ እውነት ነው፤ ወሬው ገና አልጠራም። እዚያው የነበረ ወታደር ከሆነ ግን አለማወቁ ንቀት ወይም ኀዘን ያደነዘዘው ሰው ንግግር ይሆናል።

የሚበላሽበት መንገድ አንድ ነው። ተማሪዎች ተናጋሪውን ፈጥረው ልብ ወለድ መጻፍ ይጀምራሉ። "ሚስቱ ናት፣ ልጇን አቅፋ..." ይላሉ። ያን ጊዜ "ይህን የሚያሳይሽ ቃል የትኛው ነው?" ብሎ መመለስ ይበቃል። "አናውቅም" የብዙ ሰው ንግግር ስለሆነ ብቻዋን ያለች ሚስት የሚለው ሐሳብ ራሱ ይፈተናል።

"ብንቀይረውስ?"

ይህን ግጥም አንዳንዱ "አናውቅም"፣ ሌላው "አላውቅም" እያለ ነው የሚያወርደው። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ "የቱ ይሻላል? ምን ይቀየራል?" ማለት ነው። "አላውቅም" ሲባል አንድ ሰው ምስክርነቱን ይሰጣል። "አናውቅም" ሲባል አገሩ ሁሉ ይናገራል።

ሌላም አለ። "ወንድ አንድ ሰው ሞተ" የሚለውን "አንድ ወንድ ሞተ" ብንለውስ? አንዱ "ምንም አይቀየርም፤ 'ሰው' የገባው ቤት ለመሙላት ነው" ይላል። ይህ ሊናቅ የማይገባው መልስ ነው። ግጥሙ የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ነው የሚሄደው፤ ልኩ ካልሞላ ዜማው ይሰበራል። ሌላዋ ግን "'ሰው' ካልተባለ ወንድነቱ ብቻ ይቀራል፤ ግጥሙ ንጉሥም ጃንሆይም ሳይል 'ሰው' ያለው አስቦበት ነው" ልትል ትችላለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዝምተኛውን ልጅ ያስገባል። ሁለት ነገር አነጻጽሮ መምረጥ ከባዶ ሐሳብ ከማምጣት ይቀላልና።

ድክመቱ ውይይቱ ትንሽ ቃል ላይ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። መምህሩ "እንግዲያው ግጥሙ በጠቅላላው ኀዘን ነው፣ ውዳሴ ነው ወይስ ወቀሳ?" ብሎ ማውጣት አለበት።

| የጥያቄ ዓይነት | የሁለት መልስ ፈተና | ወደ ስንኙ ይመልሳል? | ታሪክ ሳያውቁ ይገባል? | ዝግጅት | የሚያስፈልገው ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ገጣሚው ምን ማለቱ ነው? | አያልፍም | እምብዛም | አይ | የለውም | 5 ደቂቃ |
| ሰሙና ወርቁ? | ኅብረ ቃል ካለው በግማሽ | አዎ | አዎ | መካከለኛ | 10 ደቂቃ |
| ምን ተሰማችሁ? | አያልፍም | አይ | አዎ | የለውም | 5 ደቂቃ |
| የጎደለው ምንድን ነው? | በደንብ ያልፋል | በጣም | አዎ | ከባድ | 20 ደቂቃ |
| ማን ነው የሚናገረው? | ያልፋል | ከተያዘ አዎ | አዎ | ቀላል | 15 ደቂቃ |
| ብንቀይረውስ? | ያልፋል | በጣም | አዎ | መካከለኛ | 10 ደቂቃ |

ታሪኩ መቼ ይነገር?

የትኛውም ጥያቄ ቢመረጥ ይህ መወሰን አለበት። መምህሩ መጀመሪያ ሙሉ ታሪኩን ካወራ፣ ተማሪው ግጥሙን የታሪኩ ማሳጠሪያ አድርጎ ያነበዋል። ጨርሶ ካልነገረ ደግሞ ሊወድቅ የሚገባው ፍቺ ሳይወድቅ ይቀራል። የእኔ ምክር መጀመሪያ ባዶውን ማከራከር፣ ከዚያ ታሪኩን በትንሽ በትንሹ እንደ ማስረጃ ማስገባት ነው።

ለምሳሌ ውይይቱ "ወንድ አንድ ሰው ሞተ" ላይ ሲደርስ አንዱ "በዚያ ቀን የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው" ሊል ይችላል። መምህሩ አይመልስም፤ አንድ መረጃ ይጨምራል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቴዎድሮስ ወታደሮች ወድቀዋል። ፊታውራሪ ገብርዬም የሞቱት ያን ዕለት ነው። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን የጠጡት በሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። "አንድ" ቁጥር ነው ያለው ልጅ አሁን ማሰብ አለበት። ግጥሙ የገብርዬን ሞት ዘነጋው? ወይስ "አንድ" ማለት "ወደር የሌለው" ማለት ነው? መረጃው አንዱን ፍቺ አዳከመ፣ ሌላ ክርክር ደግሞ ከፈተ።

ሌላው መረጃ ይከብዳል፤ ለበሰሉ ተማሪዎች ይሆናል። ከውጊያው በፊት ቴዎድሮስ እስር ላይ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን አስገድለዋል፤ ገደል የተወረወሩም አሉ። ይህን የሰማ ተማሪ "መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ" የሚለውን እንደገና ያነበዋል። ጩኸቱ የማን ነበር? የሟቹ ንጉሥ አልቃሾች ወይስ የሟቾቹ እስረኞች? ያኔ "አንድ ሰው ሞተ" የሚለው የሌሎቹን ሞት የሚሸፍን ንግግር ይመስላል። ይህን ፍቺ የሚቃወም ተማሪም ማስረጃ አለው፦ ጩኸቱና ሞቱ የአንድ ጊዜ ወሬ ሆነው ነው የተገጠሙት። ክፍሉ ሳይስማማ ቢወጣ ጉዳት የለውም።

አርባ ደቂቃው እንዴት ይሄዳል?

ግጥሙ ሁለት ጊዜ በተለያየ ሰው ይነበብ፤ አንዱ እንደ ሙሾ፣ አንዱ እንደ ፉከራ። ይህ ብቻውን አምስት ደቂቃ ይወስድና ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ የድምፁ ልዩነት ራሱ ሁለት ፍቺ ነው። ቀጥሎ "የጎደለው ቃል ምንድን ነው?" ይጠየቅና ሁሉም አንድ ቃል ብቻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። መጻፉ ግዴታ ነው። ሳይጽፉ ከተጀመረ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ተከትለው ይነጉዳሉ።

ከዚያ መልሶቹ ሰሌዳ ላይ ይወጣሉ፣ ማንኛውም መልስ "ጎበዝ" ሳይባል። አንዱን ካመሰገንክ ሌላው ይሞታል። ከጥያቄው በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅም ያስፈልጋል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ብዙ ልጅም ይሳተፋል። ክፍል ውስጥ ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው፤ ግን ይቻላል።

ሃያ ደቂቃው የክርክሩ ነው። መምህሩ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይደጋግማል፦ "የትኛው ቃል ነው እንዲህ ያሰኘህ?" እና "ከእሷ የምትለየው የቱ ላይ ነው?" በመጨረሻ ታሪኩ ይገባል። ከዚያ ሁሉም መጀመሪያ የጻፈውን ቃል አይቶ ይለውጠዋል ወይም ያጸናዋል፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ጋር። ለመምህሩ የእርማት ሥራም ይኸው ይበቃል።

ውይይቱ እንደተበላሸ የሚታወቀው "ሁሉም የየራሱ አመለካከት አለው" የሚል ሲበዛ ነው። ይህ መቻቻል ይመስላል፤ ማንበብ ግን ቆሟል። መድኃኒቱ ደካማውን ፍቺ በማስረጃ እንዲወድቅ መተው ነው። "ግጥሙ ስለ ዓድዋ ነው" ያለ ልጅ "መቅደላ" የሚለውን ቃል ያንብብ።

ለየትኛው ክፍል የቱ?

ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ላለበት ክፍል "ብንቀይረውስ?" ይቅደም። "አናውቅም" የሚሉት በግራ፣ "አላውቅም" የሚሉት በቀኝ ይቁሙ፤ ከየወገኑ ሦስት ሦስት ሰው ይናገር። መቆሚያ ቦታ ከሌለ እጅ በማውጣት ይቆጠር።

መዘጋጃ ጊዜ ለሌለው መምህር "ማን ነው የሚናገረው?" በየትኛውም ግጥም ላይ ይሠራል። ምሽት ላይ አሥር ደቂቃ ያገኘ ደግሞ ክፍተት ይፈልግ፤ ትርፉ ከሁሉም ይበልጣል።

ውጭ አገር ተወልደው ቅዳሜና እሁድ አማርኛ ለሚማሩ ልጆች በ"ምን ተሰማችሁ?" ጀምሮ ወደ "ማን ነው የሚናገረው?" መሄድ ይሻላል። የጎደለውን ቃል መፈለግ "የሴቱን" የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው "ን" ምን እንደምትሠራ ማወቅን ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ላይ ይከብዳቸዋል። ለእነሱ ግጥሙን በሁለት ድምፅ ማንበቡ ከጥያቄው በላይ ይረዳል።

ለአዋቂዎች የንባብ ክበብ የጎደለው ቃልና የእስረኞቹ ታሪክ አብረው ይምጡ። እዚያ ግን ሰው ከግጥሙ ወጥቶ "ቴዎድሮስ ጥሩ ነበሩ፣ አልነበሩም" ወደሚለው ሙግት ቶሎ ይገባል። አወያዩ ግጥሙን በትልቁ ጽፎ መሀል ያስቀምጠው፤ የሚናገር ሁሉ መጀመሪያ ቃሉን ያሳይ።